ኡሽቅር ሩቅ አልሄደም

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ውሻችን ኡሽቅር ዛሬ የውሃ ሳህኑን ሦስት ጊዜ ባዶ አደረገ። የጠጣውን ያህል ይሸናል። የሚበላው ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄዶ የጎድን አጥንቱ ከበሩ ሆኖ ለሚያየው ይቆጠራል። ታዚ ለአደን የተፈጠረ ቀጭን ውሻ መሆኑን አውቃለሁ፤ የአሁኑ ቅጥነት ግን ከዘሩ የመጣ አይደለም። ዕድሜው አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ቡችላ ሆኖ ወደዚህ ቤት የገባው ባለቤቴ ባረፈችበት መጸው ነበር። ሁለቱ በአንድ ወቅት ገጠሙ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ቶምሪስ አፍንጫዋን ይዛ ከአጠገቡ ሸሸች። አፉ ይሸታል። ጥርሱ ይሆናል አልሁ።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ጥርስ አይደለም። የእንስሳት ሐኪሟ ባኽቲጉል ደሙን ወስዳ መረመረች። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፤ ሽታውም፣ ጥማቱም፣ ማስመለሱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጠችው። «ለጥቂት ቀን ቀለል ይለዋል፣ አክሳቃል» አለችኝ፣ ሽማግሌ በሚከበርበት ስም ጠርታ፤ «መልሶ ግን አያድነውም። መቆም ሲያቅተው ይጥሩኝ። እንዲሠቃይ አንተወው።»

ውሻ ነው። በእንስሳ ሕመም ቤት አይታመስም። ለምራቴ ለሳልታናት እንዲህ አልኋት። እሷም፣ ልጆቹ አያታቸውን በሚጠሩበት ስም፣ «እሺ አታ» አለች፤ እንደማልበላ ግን አየችብኝ መሰለኝ፣ ሾርባውን ሁለት ጊዜ አሙቃ አቀረበችው።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን ሙሉ አስመለሰ። ንጋት ላይ የኋላ እግሮቹ ከዱት።

ልጆቹ ሳያዩ እንዲፈጸም ወሰንሁ። የልጅ ልጄን ኤርናርን ወደ ትምህርት ቤት፣ እህቱን ቶምሪስን ወደ መዋእለ ሕፃናት ራሴ አደረስሁ። ባኽቲጉል በአራት ሰዓት መጣች። መጀመሪያ የሚያስተኛውን፣ ቀጥሎ ልብ የሚያቆመውን መርፌ ትሰጣለች። «አጠገቡ መሆን ይፈልጋሉ? ድምፅዎን ቢሰማ ይረጋጋል» አለችኝ። በዚያ ሰዓት ፈረሱ ውሃ አልጠጣም ነበርና እሱን ላጠጣ ወጣሁ።

ሥራው በሥርዓቱ ተፈጸመ። በአሮጌ ነጭ ሱፍ ጠቅልዬ ከጋጣው በስተጀርባ ካለችው ኮረብታ ላይ ቀበርሁት። ጉድጓዱ እስከ ወገቤ ይደርሳል፤ ቀበሮ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ደርቤበታለሁ። ጸሎት አላደረግሁም፤ ለእንስሳ አይደረግም። ሆኖም ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን አያቴ እንዳስተማሩኝ አስታውሻለሁ። ማስታወስ አልተከለከለም።

ማታ፦ ቶምሪስ ገና ከበሩ «ኡሽቅርስ?» አለች።

በዚህ መንደር፣ በአጎራባቾቹም ጭምር፣ ሰው የሚያውቀኝ በመርዶ ነጋሪነቴ ነው። አንድ ሰው በሩቅ አገር ሲሞትበት ዘመዱ በድንገት እንዳይሰማ እኔን ይጠሩኛል። ነገሩን በግጥም ሸፍኜ፣ ጭልፊቱ ከእጅ በረረ፣ ዋርካው ተነቀለ እያልሁ፣ ሐዘንተኛው ራሱ እንዲደርስበት መንገድ እከፍትለታለሁ። አርባ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ ሁለቱን ልጆች ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ነገርኋቸው፤ ከአድማስ ማዶ ወርቃማ ቀበሮ ታየች፤ ከአዳኞች ሁሉ ፈጣኑ ተጠራ፤ ወደ ኋላ ሳያይ በነፋስ መንገድ ሩቅ ሄደ።

ቶምሪስ አጨበጨበች። ኤርናር ጫማዬን ተመለከተ።

ጫማዬ ላይ ቀይ አፈር ነበር።

ኦክቶበር 15

ሳልታናት በለሆሳስ፦ «አታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ሞተ ብንላት አይሻልም?»

«ሞት ጨካኝ ቃል ነው፤ በልጅ ጆሮ ላይ አይጣልም» አልኋት። የሻይ ስኒዎቹን ሰብስባ ወጣች። ጨዋ ሴት ናት።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

ሳልታናት ለሙታን መታሰቢያ በየዓርቡ የምናደርጋቸውን ሰባት ቂጣዎች በዘይት ጠበሰች። ቶምሪስ አንዱን ሰርቃ በውሻው ሳህን ላይ አስቀመጠችው። «ከአደን ሲመለስ ይርበዋል።»

አልተቆጣሁም። ልቆጣ ይገባኝ ነበር።

ኤርናር ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በቤታችን ሥርዓት መሠረት ታላቅን አይሞግትም። ዛሬ ፈረሱን ስናበላ ግን፣ ፊቱን ወደ ገለባው እንዳደረገ፣ «አታ፣ ውሸት በግጥም ሲሆን ይፈቀዳል?» አለኝ።

«ውሸት አይደለም፤ ምሳሌ ነው።»

«እሺ» አለ። ገለባውን ግን ከሚገባው በላይ አበዛው፤ እኔም አላረምሁትም።

ኦክቶበር 21

ልጄ ዳውሬን ትናንት ከነዳጅ ማውጫው ተመለሰ። ሃያ ስምንት ቀን ይሠራል፣ ሃያ ስምንት ቀን ያርፋል። ስለ ውሻው ለብቻው ነገርሁት። ወደ ኮረብታው ሄዶ ብዙ ቆየ። ከልጅቷ ፊት ግን የእኔን ቃል ጠበቀ። «ከአንተ ቃል አልወጣም፣ አባቴ» አለኝ። በዚህ መኩራት እንደሚገባኝ አውቃለሁ።

ማለዳ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት እነቃለሁ። የምከፍትለት የለም። በሩን ግን እከፍታለሁ፤ ቤቱ አየር ያስፈልገዋል።

ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

ጎረቤቴ ቤይሰን በአጥሩ ላይ ተደግፎ፦ «ኧረ ኦራዝባይ! ለውሻ ለቅሶ ተቀምጠሃል አሉ። ድንኳን ልትከል ወይስ በግ ላምጣ?»

«አፍህን ሰብስብ፤ ጥርስ በሌለው አፍ መቀለድ አያምርም።»

«ሰው ሠራሽ ጥርሴን እንኳ ያንተ ውሻ ነው የበላው፤ አንድ ቀን ትራስ ሥር ባስቀምጠው ይዞት ሄደ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ «ጥሩ ውሻ ነበር» አለኝ። ወደ ቤት ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቴን አመመኝ።

ኖቬምበር 4

ለመርዶ ተጠራሁ። በታችኛው መንደር ያለች የአንዲት መበለት ወንድም በሩቅ ከተማ አርፏል። ከአምስት ሽማግሌዎች ጋር ገባን። ገና እንዳየችን ቀለሟ ተለወጠ፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ሳልጨርስ «የትኛው ነው?» አለች።

በመንገድ ላይ ይህን አሰብሁ። ግጥሙ ለእሷ መጋረጃ የሆነላት ከመጋረጃው በስተጀርባ ምን እንዳለ አስቀድማ ስለምታውቅ ነው። ሽማግሌ ተሰልፎ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አይታዋለች። ጨርቁን ገልጣ ለማየት ጊዜ ሰጠኋት እንጂ አልደበቅሁባትም። አምስት ዓመት የኖረ ሰው ግን ጨርቁን ራሱን ግድግዳ ያደርገዋል።

ይህን የጻፍሁት ስለ ሙያው ነው።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

ቶምሪስ አልጋዋን አረጠበች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሳልታናት ለአንድ ቀን ሥልጠና ወደ ከተማ ስትወጣ ቀሚሷን ይዛ አለቅም አለች፤ እያለቀሰች «ሩቅ ነው? ሩቅ ነው?» ትላለች።

«ሩቅ አይደለም፤ ማታ እመጣለሁ።»

«ኡሽቅርም ይመጣል ተብሎ ነበር።»

ማንም ይመጣል አላለም። ደብተሩን ገልጬ አየሁ። ሩቅ ሄደ ብዬ ነው የጻፍሁት። አለመመለሱን ግን አልተናገርሁም።

ኖቬምበር 9

ቤይሰን ቡችላ ይዞ መጣ፤ ከጥሩ ዘር ነው። ቶምሪስ አንድ ጊዜ አየችውና «ይህ የኡሽቅር ቦታ ነው፤ ሲመጣ ይጣላሉ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ቤይሰን ቡችላውን ወደ ካፖርቱ መልሶ አስገባው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልድበት አጣ።

ኖቬምበር 13

ባኽቲጉል ፈረሱን ልትከትብ መጣች። ሳልታናት ሻይ አቀረበችና፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ ለቶምሪስ እንዴት እንደሚነገራት ጠየቀቻት። እኔም እንደማልሰማ ሆኜ ሰማሁ።

ባኽቲጉል የተናገረችውን እንደ ትምህርት እመዘግባለሁ። «ሞተ በያት። ተኛ አትበያት፣ መተኛት ትፈራለች። ሄደ አትበያት፣ የሚሄደውን ሁሉ ትፈራለች። ሰውነቱ ሥራ አቆመ፤ አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም፤ ከእንግዲህም አይመለስም። በአጭሩ። ከዚያ ዝም በይና የምትጠይቀውን ብቻ መልሺ። መጀመሪያ ግን ምን እንደምታስብ ጠይቂያት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች እነሱ ያደረጉት ነገር የገደለው ይመስላቸዋል፤ ያንን ካላወጣሽው ሌላው ሁሉ አይገባትም። ስለ መርፌው ከጠየቀች ደግሞ ለየብቻ አስረጂያት፤ አለዚያ ክትባት ሊሰጣት የሚመጣውን ሁሉ ገዳይ ታደርገዋለች።»

«ብታለቅስስ?» አለች ሳልታናት።

«ታለቅሳለች። ከዚያ ወዲያው ትጫወታለች። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ መቶ ጊዜ ትጠይቃለች። መቶ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ስጫት። ደግሞም ትልልቆቹ ሐዘናቸውን አይደብቁ፤ ከደበቁት ቤቱ ውስጥ ያዘነችው እሷ ብቻ ይመስላታል።»

የመጨረሻውን ስትል ወደ እኔ አላየችም። አለማየቷን ግን አስተዋልሁ።

ኖቬምበር 14

ልነግራት ተቀመጥሁ። «ቶምሪስ፣ የኡሽቅር ነገር…» አልሁና አፌ በራሱ ጊዜ «ነፋስ የወሰደው ቅጠል» ወደሚለው ሄደ። «ቅጠል ነው?» አለች በመገረም። ተነሣሁ። አርባ ዓመት የሠራሁበት ምላስ አንዲት ቃል አቃተው።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ። ከምሳ በፊት

የዳውሬን መታወቂያ ጠፋ። ባቡሩ ነገ ንጋት ላይ ነው፤ ያለ መታወቂያ አያሳፍሩትም፤ ካልደረሰ ቦታውን ለተተኪ ይሰጣሉ። ቤቱ ተገለበጠ። ቦት ጫማውም የለም።

ከምሳ በኋላ

ቦት ጫማው በቶምሪስ ብርድ ልብስ ሥር ተገኘ። መታወቂያው የት እንዳለ ግን አትናገርም። ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። አባቷ ተንበርክኮ ለመናት። «ሥራ ነው የኔ እመቤት፣ እመለሳለሁ።» እሷ ግን፦ «አታ ‹ሩቅ ሄደ› ካሉ አይመለስም። እኔ አውቃለሁ። ቀኑን ቆጥሬያለሁ።»

ዳውሬን ቀና ብሎ አየኝ። በልጅነቱ ስቀጣው እንኳ እንደዚያ አላየኝም።

ማታ

በሥርዓት ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣሁና ከአጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ለወለል አይሆንም፤ ግን ዓይኗ ያለው እዚያ ነው።

«ኡሽቅር የት ያለ ይመስልሻል?» አልኋት።

የምንጣፉን ክር መዘዘች። «ተቀይሞኛል» አለች በመጨረሻ።

«በምን?»

«ሽታም ብዬዋለሁ። አፉ ሲሸት፣ ሽታም፣ ሂድ ከዚህ! አልሁት። ከዚያ ሄደ። እርስዎም ሄደ አሉ።»

ሠላሳ ሦስት ቀን ይህን ተሸክማለች። ያሸከምኋት እኔ ነኝ፤ የመረጥሁት ቃል ከቃሏ ጋር ገጠመላት።

«ስሚኝ። ኡሽቅር አልሄደም። ኡሽቅር ሞተ።» ቃሉ ወጣ። ጣሪያው አልወደቀም። «ኩላሊቶቹ ታመው ነበር። ሽታው የመጣው ከኩላሊቱ ነው፤ አንቺ ስለ ሽታው ከመናገርሽ በፊት ታምሟል። በቃል ማንም አይሞትም። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«ሞተ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሰውነቱ ሥራ አቆመ። አይተነፍስም፣ አይሮጥም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም።»

«በፀደይስ?»

«በፀደይም አይመለስም።»

አየችኝ። «በፊት ሌላ ነገር ነው ያሉት» አለች። «አሁንስ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ትክክል ናት። «ላሳይሽ» አልኋት።

ካፖርቷን አለበስኋት። ኤርናር በበሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳይጠራ ተከተለን። ሲወጣ በየትኛው ዱካ እንደሚታለፍ ያውቅ ነበር። ዱካው ከእኔ ሌላ በትንሽ ጫማ ጭምር ተረግጧል። ልጁ እዚህ ብቻውን ሲመላለስ ቆይቷል፤ ቤቴ ውስጥ ለእውነት ቦታ ስላጣ።

ቶምሪስ ድንጋዮቹን ነካች። ቀዝቃዛ ናቸው አለች። እሱ እንደማይበርደው ደግሜ ነገርኋት። ጭንቅላቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀች፤ አሳየኋት። ዓይኑ ተከፍቶ እንደሆነ ጠየቀች። ስጠቀልለው ያየሁትን፣ በግማሽ ተከፍቶ እንደነበር ነገርኋት። ከዚያ አለቀሰች፤ በሙሉ ድምፅዋ፣ ያለ እፍረት።

ኤርናር በዚያ መሀል፦ «መርፌ ነው አይደል?»

«መርፌ ነው። እኔ ነኝ የወሰንሁት። ሊድን አይችልም ነበር፤ ይሠቃይ ነበር። በጣም ለታመመ፣ መዳን ለማይችል እንስሳ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እናንተን ክሊኒክ የሚወጓችሁ ሌላ ነው፤ እሱ እንዳትታመሙ ነው።»

«አመመው?»

«መጀመሪያ ተኝቶ ነበር። አላመመውም ብላኛለች።»

«ብላኛለች? እርስዎ አልነበሩም?»

በዚህ ደብተር ፈረስ ላጠጣ ወጣሁ ብዬ ጽፌ ነበር። ፈረሱ ማለዳ ጠጥቷል።

«አልነበርሁም» አልሁት። «ሐኪሟ ይቆዩ ብላኝ ነበር። ፈራሁና ወጣሁ። በዚህ አፍራለሁ።»

ኤርናር ከድንጋዮቹ አንዱን፣ ነፋስ ያንሸራተተውን፣ ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ መጥቶ በቀኜ በኩል ቆመ።

ቶምሪስ ፊቴን ከታች ወደ ላይ አየች። «አታ፣ እያለቀሱ ነው?»

ነፋሱ ነው ልል ነበር። «አዎ» አልሁ። «ናፍቆኛል።»

«እኔም» አለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ኮረብታውን በሩጫ ወረደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ እየዘለለች ነበር። ባኽቲጉል ባታስጠነቅቀን ኖሮ ልቧ ደንድኗል ብዬ እፈርድባት ነበር።

መታወቂያውን ከጋጣው፣ ኡሽቅር ይተኛበት ከነበረው ገለባ ሥር አውጥታ ለአባቷ ሰጠች። «ኡሽቅር እንዲጠብቅልኝ ነበር» አለችው። «ግን ሞቷል።»

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

ጣቢያ ድረስ ሁላችንም ሸኘን። ቶምሪስ የአባቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«አንተ ልትሞት ነው ወይስ ልትሄድ?»

«ልሄድ። ሥራ። በሃያ ስምንት ቀን እመለሳለሁ።»

«አሞሃል?»

«አላመመኝም።»

አለቀሰች፤ ግን እጇን ፈታች። ባቡሩ ሄደ። ዳውሬን በመስኮቱ ወደ እኔ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ኖቬምበር 20

ዛሬ አራት ጊዜ ጠየቀችኝ። ይመለሳል? አይመለስም። ይርበዋል? አይርበውም። በአምስተኛው ትዕግሥቴ ሊያልቅ ሲል ሳልታናት ከወጥ ቤት ሆና መለሰችልኝ። አልጋዋ ሁለት ሌሊት ደረቅ አድሯል።

ኖቬምበር 28፣ ዓርብ

ቶምሪስ ከሰባቱ ቂጣዎች አንዱ ለኡሽቅር ይሁን አለች። የሙታን ቂጣ ለሰው ነው፤ ለእንስሳ አይሆንም፤ ሥርዓቱን ለማንም ስል አላፈርስም። ይህን ነገርኋት። «እሺ፣ ስምንተኛ ቢጠበስስ?» አለች። ስምንተኛውን የሚከለክል ነገር በተማርሁት ሁሉ ፈልጌ አጣሁ። ለቤይሰን ውሾች ሰጠችው።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

በረዶ ወረደ። ድንጋዮቹን በረዶው አንሸራትቷቸው እንደሆነ ለማየት ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ስመለስ ከአጥሩ በስተጀርባ ሳለሁ የቤይሰንን ድምፅ ሰማሁ፤ ቶምሪስን ያናግራታል።

«እሜቴ፣ ቤቱ ጭር ብሏል። አባትሽ የታለ?»

«ሥራ ሄዷል። ይመለሳል።»

«ኡሽቅርስ?»

«ሞቷል። አይመለስም።»

ቤይሰን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽማግሌውስ?» አላት።

«አታ ኮረብታው ላይ እያለቀሱ ነው» አለችው፣ ስለ አየሩ እንደሚናገር ሰው። «አይጥሯቸው። ሲጨርሱ ይመጣሉ።»

የሄድሁት ድንጋዮቹን ለማየት መሆኑን ላርማት ወደ በሩ ተራመድሁ። ከዚያ ቆምሁ። በረዶው ውስጥ፣ ከአጥሩ በስተጀርባ፣ እስክጨርስ ድረስ ቆየሁና ገባሁ።